ለፍሪላንስ ዲዛይነር የሥራ ብሪፍ እንዴት ይዘጋጃል? ከሥራ ወሰን እስከ መጨረሻው ክፍያ

አነስተኛ ንግድ ካላቸው ሰዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ዲዛይነር አግኝቻለሁ፣ በዋጋም ተስማምተናል፣ አሁን ምን ጽፌ ልስጠው?» የሚል ነው። መልሱን በየጊዜው በስልክ ከማስረዳ በአንድ ቦታ ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ። ለምሳሌነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምንከተለው አንድ ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተቆላና የተፈጨ ቡና የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት በ250 ግራምና በ500 ግራም ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ሌብል ማሠራት ይፈልጋል። ሎጎው ከዚህ ቀደም ተሠርቷል። የእርስዎ ሥራ የምግብ ቤት ሜኑ ወይም የሱቅ ታፔላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ብሪፉ፣ ማለትም ለዲዛይነሩ ጽፈው የሚሰጡት የሥራ መግለጫ፣ ከሁለትና ከሦስት ገጽ መብለጥ የለበትም። በውስጡ የሚጻፍ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ሁለታችሁም በኋላ ቆጥራችሁ ወይም አይታችሁ «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ልትሉበት የምትችሉት መሆን አለበት። «ማራኪና ዘመናዊ ዲዛይን» በዚህ መለኪያ ይወድቃል፤ «ሁለት የተለያዩ የመነሻ አማራጮች» ግን ያልፋል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሎጎው ኦሪጅናል ፋይል፣ ማለትም .ai፣ .svg ወይም በቬክተር፣ ሲጎላ በማይደበዝዝ መልክ፣ የተቀመጠ .pdf። ከፌስቡክ ገጽ ላይ የወረደ ምስል አያገለግልም።
- ሌብሉ ላይ የሚገባው ጽሑፍ በሙሉ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ታርሞ ያለቀ።
- የከረጢቱ ልክ በሚሊሜትር፤ ቢቻል ባዶ ከረጢቱ ራሱ።
- ሌብሉን የሚያትመው ማተሚያ ቤት የሚቀበለው የፋይል ዓይነትና የሚያትምበት ወረቀት ወይም ስቲከር።
- ባርኮድ የሚኖረው ከሆነ በድርጅትዎ ስም የወጣው ቁጥር።
- የሚወዷቸውና የማይወዷቸው ሁለት ሁለት ሌብሎች፣ ከነምክንያታቸው።

1. ሥራውን በአንድ አንቀጽ ይግለጹ

ዲዛይነሩ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚገዛውና የት እንደሚታይ ነው። ቀለም የሚመርጠውና የፊደሉን መጠን የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ነው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ከረጢቶች ጋር ተሰልፎ የሚታይ ሌብል የቡናው ዓይነት ከሩቅ እንዲነበብ ይፈልጋል፤ ለስጦታ የሚሸጥ ከረጢት ግን በእጅ ተይዞ ስለሚታይ ደቃቅ ጽሑፍ ይችላል። የእኛ ቡና ሻጭ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ሥራው ለሁለት መጠን ቡና ከረጢቶች የሚለጠፍ የፊትና የጀርባ ሌብል ነው። ገዢዎቻችን በአብዛኛው ለቤታቸው የሚገዙ የከተማ ነዋሪዎችና ወደ ውጭ ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱ መንገደኞች ናቸው። ከረጢቱ ቡናማ ክራፍት ወረቀት ሲሆን የሚሸጠውም በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ነው።»

የክራፍቱ ነገር ትንሽ ቢመስልም መጻፍ አለበት። ዲዛይነሩ የሚሠራው በነጭ ስክሪን ላይ ስለሆነ ሌብሉ ቡናማ መደብ ላይ እንደሚያርፍ ካልተነገረው ከከረጢቱ ጋር ተመሳስሎ የሚጠፋ ቀለም ሊመርጥ ይችላል።

2. የሥራውን ወሰን ይጻፉ፤ የማይካተተውንም ይጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚሠራውን ይዘረዝርና የማይሠራውን ይተወዋል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ደግሞ ከዚያው ከተተወው ነው፤ «ሌብሉን ከሠራህ ለኢንስታግራም የሚሆን አንድ ፖስተር ጨምርልኝ» የሚለው ጥያቄ ለጠያቂው ትንሽ ነገር ነው፣ ለሠሪው ግን ያልታሰበ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁ።

የሚካተተው፦ የ250 ግራም የፊትና የጀርባ ሌብል፣ የ500 ግራም የፊትና የጀርባ ሌብል፣ በድምሩ አራት ሌብሎች።

የማይካተተው፦ ሎጎውን ማሻሻል፣ ፎቶ ማንሳት፣ ጽሑፍ መጻፍና መተርጎም፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ምስሎች፣ ከማተሚያ ቤት ጋር ተገናኝቶ ኅትመቱን መከታተል።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ዲዛይነሩ ማተሚያ ቤት ሄዶ የመጀመሪያውን ናሙና እንዲያይልዎ ከፈለጉ በወሰኑ ውስጥ ያካቱትና ዋጋው ከዚያ ይነሳ። በአፍ ብቻ «አንተ ትከታተልልኛለህ» ከተባባላችሁ ኅትመቱ ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር አይኖራችሁም።

3. ጽሑፉን ጨርሰው ያስረክቡ

ሥራ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ዲዛይነሩ ቦታ የሚከፋፍለው በጽሑፉ ርዝመት ልክ ስለሆነ «ጽሑፉን በኋላ እልክልሃለሁ» ማለት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ አሠራሃለሁ እንደ ማለት ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲገቡ ደግሞ ርዝመታቸውም ሆነ የፊደላቸው ቁመት ስለማይመሳሰል፣ የአንዱ ቋንቋ ጽሑፍ ብቻ ደርሶት የተሠራ ሌብል ሁለተኛው ሲመጣ ይፈርሳል።

ጽሑፉን በፎቶ ወይም በድምፅ መልእክት አይላኩ። በዎርድ ፋይል ተጽፎ፣ የትኛው ጽሑፍ ከፊት የትኛው ከጀርባ እንደሚገባ ተለይቶ ይላክ። የአማርኛው ጽሑፍ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታያል። ዲዛይነሩም አንብቦ እንደገና ለመተየብ ይገደዳል፣ የፊደል ስሕተት የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ አንድ አንቀጽ ቀድተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ፤ እዚያም አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው።

የድርጅቱንና የቦታ ስሞችን አጻጻፍ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። በ«ሐ» ነው ወይስ በ«ሀ»፣ በ«ፀ» ነው ወይስ በ«ጸ» የሚለው በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ይሁን፤ ዲዛይነሩ እንዲገምት አይተዉለት። በምግብ ሌብል ላይ በሕግ መስፈር ያለባቸውን መረጃዎች አጣርቶ ማቅረብም የአምራቹ እንጂ የዲዛይነሩ ድርሻ አይደለም፤ ይህንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት።

ማስጠንቀቂያ፦ የተቆላበት ቀንና የመጠቀሚያ ጊዜው በየጊዜው ስለሚለዋወጡ በማኅተም የሚመቱ ከሆነ ብሪፉ ላይ ባዶ ቦታ ይጠይቁ፣ ልኩንም ከማኅተምዎ ለክተው ይስጡ። ሌብሉ በሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን የሚሸፈን ከሆነ ተራ የማኅተም ቀለም በላዩ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ በጣት ሲነካ ይጠፋል፤ ከማተሚያ ቤቱ ጋር አስቀድመው ተነጋግረው መፍትሔውን ብሪፉ ውስጥ ያስገቡ።

4. የሚረከቡትን ፋይል አንድ በአንድ ይዘርዝሩ

«ዲዛይኑን አስረክቤያለሁ» የሚለው ቃል በቴሌግራም የተላከ አንድ ምስልም ሊሆን ይችላል፣ ማተሚያ ቤት የሚቀበለው የተሟላ ፋይልም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው በኅትመቱ ቀን ስለሆነ ከወዲሁ ይለይ። ለእኛ አራት ሌብሎች ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

- ለእያንዳንዱ ሌብል ለኅትመት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ፤ በሲኤምዋይኬ ቀለም፣ በአራቱም ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ብሊድ ያለው፣ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ የተለወጡ።
- ለእያንዳንዱ ሌብል ወደፊት ሊታረም የሚችል የ.ai ፋይል፣ ፊደሎቹ በጽሑፍነታቸው እንዳሉ።
- ጥቅም ላይ የዋሉ ፎንቶች ስም ዝርዝርና ከየት እንደተገኙ።
- ለድረ ገጽና ለቴሌግራም ቻናል የሚሆን የእያንዳንዱ ሌብል የ.png ምስል።

እነዚህ የተጠየቁበትን ምክንያት ማወቅ ከዲዛይነሩ ጋር ሲነጋገሩ ይረዳዎታል። ብሊድ ማለት መደቡ ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚሄድበት ትርፍ ነው፤ መቁረጫው በትንሹም ቢሆን ሲዛነፍ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር እንዳይታይ ያደርጋል። ማተሚያ ቤቱ ከዚህ የተለየ ልክ ከጠየቀ የእሱ ይበልጣል። ሲኤምዋይኬ የኅትመት ቀለም ነው፤ በስክሪን ቀለም ተሠርቶ የተላከ ፋይል ሲታተም ደማቁ አረንጓዴና ብርቱካናማ ደብዝዞ ይወጣል። ፊደል ወደ ቅርጽ ካልተለወጠ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ የአማርኛ ፎንቱ ከሌለው ጽሑፉ በባዶ ሳጥኖች ሊተካ ወይም መስመሩ ሊዛባ ይችላል። ይሁንና ወደ ቅርጽ የተለወጠ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። ነገ ስልክ ቁጥርዎ ቢቀየር የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ፋይል ነው፤ ሁለቱንም የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለ ፎንት ፈቃድ አንድ ነገር ልጨምር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የመሳሰሉት በነጻ ፈቃድ የሚሰጡ ስለሆነ ለንግድ ሥራ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ዲዛይነሩ የሚገዛ ፎንት ከመረጠ ማን እንደሚከፍልና ፈቃዱ በማን ስም እንደሚሆን ብሪፉ ላይ ይጻፍ።

ባርኮድም የራሱ ወሰን አለው። ኢኤኤን-13 የሚባለው የተለመደው ባርኮድ ሙሉ ልኩ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ሲሆን የዚህ 80 በመቶ እስኪሆን ድረስ ሊያንስ ይችላል። በ250 ግራሙ ሌብል ላይ ቦታ ሲጠብብ ዲዛይነሩ ከዚህ በታች እንዳያሳንሰው፣ በግራና በቀኝ ያለውን ባዶ ቦታም እንዳይሸፍነው ይጻፉ፤ አለበለዚያ የሱፐርማርኬቱ ማሽን ላያነበው ይችላል።

5. የእርማት ዙሮችን ቁጥርና ትርጉም ይወስኑ

«ሦስት እርማት» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። ሰኞ ጠዋት «ሎጎውን ከፍ አድርገው»፣ ከሰዓት በኋላ «ቀለሙ ይቀየር»፣ ማክሰኞ ደግሞ ሸሪክዎ «የፊደሉ ዓይነት አልተስማማኝም» ብትሉ፣ ለእርስዎ ይህ አንድ እርማት ነው፤ ፋይሉን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ለላከው ዲዛይነር ግን ሦስቱም አልቀዋል። ስለዚህ ዙር ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍ፦

«አንድ የእርማት ዙር ማለት አሠሪው አስተያየቱን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ የጽሑፍ መልእክት የሚልክበትና ዲዛይነሩ ያንን አሟልቶ የሚመልስበት ነው። ዲዛይነሩ በመጀመሪያ ሁለት አማራጮችን ያቀርባል፤ አሠሪው አንዱን ይመርጣል፤ በተመረጠው ላይ ሦስት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ ተካቷል። ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ እያንዳንዱ ዙር 2,500 ብር ይከፈላል። ዲዛይነሩ የተሰጠውን ጽሑፍ ሲያስገባ የሠራው ስሕተት ከዙር አይቆጠርም። አሠሪው ያጸደቀውን ጽሑፍ ራሱ ከለወጠ ይቆጠራል። ከተመረጠው አማራጭ ወደ ሌላ ሐሳብ መዞር እርማት ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው።»

አስተያየት የሚሰጠው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፣ ስሙም ይጠቀስ። ቤተሰብም ሆነ ሸሪክ ሐሳብ ካለው ለዚያ ሰው ይንገርና እሱ አስታርቆ ይላክ። ባልና ሚስት ለየብቻ ስልክ እየደወሉ ሁለት የሚቃረን ትእዛዝ የሰጡት ዲዛይነር መጨረሻ ላይ ሁለቱንም የማያስደስት ነገር ነው የሚያወጣው።

አስተያየቱ የሚጻፍበት መንገድም ዙሩን ያበላሻል ወይም ያድነዋል። «አልማረከኝም፣ ትንሽ ሕይወት ይጎድለዋል» ተብሎ የተጻፈለት ዲዛይነር ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም። «ክብደቱ የተጻፈበት ፊደል ከአንድ ሜትር ላይ ሆኜ ሳየው አይነበበኝም፤ የቡናው ስምና የድርጅቱ ስም እኩል ስለገነኑ ዐይኔ የቱን እንደሚያስቀድም አያውቅም» የሚለው ግን በአንድ ዙር ይፈታል። ችግሩን እርስዎ ይናገሩ፣ መፍትሔውን ለባለሙያው ይተዉለት። ማየት ያለብዎትም በስልክ ስክሪን አይደለም፤ በትክክለኛ ልኩ በተራ ፕሪንተር አትመው፣ ቆርጠው፣ ከረጢቱ ላይ ለጥፈው ይዩት።

6. ቀኑን በማያሻማ መንገድ ይጻፉ

ቀነ ገደብ ሲጻፍ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ። ዲዛይነሩ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ወይም ፕሮግራሞቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚይዝ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉ፦ «ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 30 ቀን 2025»። የሳምንቱን ቀን መጨመር ጠቃሚ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ስሕተት ቢገባ ዕለቱ ያጋልጠዋል። «እስከ 10 ሰዓት» የሚለውም በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት መሆኑ ይገለጽ።

ቀነ ገደቡ በአሠሪውም ላይ ይሠራል። «አሠሪው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ አስተያየት ካልሰጠ የርክክቡ ቀን በዘገየበት ልክ ይገፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፤ ይህ ዲዛይነሩን ከመጠበቁም ሌላ እርስዎን ያተጋዎታል። ከአዲስ ዓመትና ከትልልቅ በዓላት በፊት ማተሚያ ቤቶች ስለሚጨናነቁ የኅትመቱን ወረፋ አስቀድመው ጠይቀው ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

7. ክፍያውን ከሥራ ደረጃ ጋር ያያይዙ

ሙሉውን በቅድሚያ መክፈልም ሆነ ሁሉንም በመጨረሻ መክፈል አንደኛውን ወገን ሥጋት ላይ ይጥላል። ዋጋው 40,000 ብር ቢሆን እንዲህ ይከፈል፦

- 40 በመቶ፣ ማለትም 16,000 ብር፣ ብሪፉ በሁለቱም ወገን ሲጸድቅ፤ ሥራው የሚጀመረው ይህ ሲገባ ነው።
- 30 በመቶ፣ 12,000 ብር፣ ከሁለቱ አማራጮች አንዱ ሲመረጥ።
- 30 በመቶ፣ 12,000 ብር፣ የአራቱም ሌብሎች የመጨረሻ ገጽታ በጽሑፍ ሲጸድቅ። በተራ ቁጥር 4 የተዘረዘሩት ፋይሎች ይህ ክፍያ በገባ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ይሰጣሉ።

እያንዳንዱ ክፍያ በግልጽ ከሚታይ ድርጊት ጋር መያያዙን ልብ ይበሉ። «ግማሹ ሲደርስ» የሚባል ክፍያ ግን ግማሹ የት እንደሆነ ሲያከራክር ይኖራል።

ዋጋው ግብርን ይጨምር ወይም አይጨምር በግልጽ ይጻፍ። ዲዛይነሩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነና 40,000 ብር ከታክስ በፊት ከሆነ የሚከፍሉት 15 በመቶ ተጨምሮ 46,000 ብር ነው። ድርጅትዎ ከክፍያ ላይ ዊዝሆልዲንግ የመቀነስ ግዴታ ካለበት ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ይንገሩት፣ ደረሰኙንም ይስጡት፤ ሳይነገረው የተቀነሰበት ሰው ገንዘቡ እንደተበላበት ነው የሚቆጥረው። ደረሰኝ መስጠት የሚችል መሆኑንም ሥራው ሳይጀመር ይጠይቁ፤ የሒሳብ ባለሙያዎ ያለ ደረሰኝ ወጪውን አይቀበልዎትም። የመክፈያውን መንገድ፣ በባንክ ይሁን በቴሌብር፣ የሒሳቡን ባለቤት ስም ጨምረው ይጻፉት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከክፍያው ጋር አብረው ይኑሩ። የመጀመሪያው መቋረጥ ነው፦ «አሠሪው ሥራውን ካቋረጠ እስከዚያ የተከፈለው አይመለስም፤ ዲዛይነሩ ካቋረጠ ያላስረከበበትን ደረጃ ክፍያ ይመልሳል።» ሁለተኛው የመብት ጉዳይ ነው። የፈጠራ ሥራ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ «ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ የእኔ ነው» በሚል ግምት አይተዉት። «የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም የጸደቁት አራት ሌብሎች የኢኮኖሚ መብት ወደ አሠሪው ይተላለፋል፤ ያልተመረጠው አማራጭ የዲዛይነሩ ነው፤ ዲዛይነሩ ሥራውን በራሱ የሥራ ማሳያ ላይ ማቅረብ ይችላል» ብሎ በጽሑፍ መስማማት ይበቃል። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ብሪፉን ከውል ጋር አያይዞ ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

8. ይላኩ፣ መልሶ እንዲያስረዳዎ ያድርጉ፣ ያጽድቁ

ብሪፉን በፒዲኤፍ ልከው «እሺ» የሚል መልስ ብቻ አይቀበሉ። ዲዛይነሩ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ፋይል እንደሚያስረክብና በሥራው የማይካተተው ነገር ምን እንደሆነ በራሱ አባባል በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። «ሁለት ሌብል፣ በሁለት መጠን» ብሎ ከመለሰ የፊቱንና የጀርባውን ለየብቻ እንዳልቆጠረ ያን ጊዜውኑ ያውቃሉ፤ ዋጋውም በዚያ ግምት የተሰላ ሊሆን ስለሚችል ቅድመ ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ይስተካከላል። ከተስማማችሁ በኋላ ሁለታችሁም የምታጸድቁት ቅጂ `Coffee_Label_Brief_v2_FINAL.pdf` ዓይነት ስም ተሰጥቶት በኢሜይል ይቀመጥ። በሥራው መካከል በስልክ የተባባላችሁትን ለውጥ በዚያው ቀን በአንድ መስመር ጽፈው ይላኩለት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

*ፎቶና ሎጎ በቴሌግራም እንደ ምስል መላክ።* ቴሌግራም ምስሉን ስለሚጨምቀው ጥራቱ ይወርዳል። «ፋይል» በሚለው በኩል ከተላከ እንዳለ ይደርሳል።

*ዋጋውን ብቻ ተነጋግሮ ወሰኑን ለኋላ መተው።* ዲዛይነሩ የሰጠው ዋጋ በአእምሮው ለሣለው ሥራ ነው። ብሪፉ ከደረሰው በኋላ ዋጋውን ከልሶ ቢልክ እንደ ማታለል አይቁጠሩት፤ አሁን ገና ነው የሚሠራውን ያወቀው።

*የሌላ ድርጅት ሌብል ልኮ «ልክ እንደዚህ» ማለት።* ምሳሌ ሲልኩ የወደዱትን ነገር ለይተው ይጻፉ፤ የፊደሉ ግዝፈት ነው፣ ባዶ ቦታው ነው ወይስ የቀለሙ ቁጥብነት? አለበለዚያ የሚመሳሰል ሌብል ተሠርቶ የሚከሰሱት እርስዎ ይሆናሉ።

*ሳይነበብ ማጽደቅ።* የመጨረሻውን ገጽታ ከማጽደቅዎ በፊት አማርኛውን፣ እንግሊዝኛውን፣ ስልኩን፣ ክብደቱንና የባርኮዱን ቁጥር ከሥራው ጋር ንክኪ የሌለው ሰው ከዎርድ ፋይሉ ጋር እያስተያየ ጮክ ብሎ ያንብብ። ባርኮዱን አትመው በስልክ ወይም በሱቅ ማሽን ይሞክሩት። «ጸድቋል» ብለው ከጻፉ በኋላ የተገኘ ስሕተት በእርስዎ ወጪ ነው የሚታረመው፤ ብዙ ሺህ ስቲከር ታትሞ ከሆነ ደግሞ የዲዛይኑ ዋጋ ከኅትመቱ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ሒሳብ ነው።